የአክሲዮን ትርፍ በቆይታ ሲከፋፈል

«አዳማ ያለን ትንሽ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አንዱ ሐምሌ 1 ላይ 10,000 ብር፣ ሌላው ሚያዝያ 1 ላይ 20,000 ብር አስገባ። ትርፉን በኤክሴል እንዴት ላካፍል?»

ወንድሜ፣ ብሩን በቆየበት ወር አባዛው። በጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 ካለቀ፣ የመጀመሪያው 10,000 × 12 = 120,000፣ ሁለተኛው 20,000 × 3 = 60,000 ይሆናል። መጠባበቂያው ተቀንሶ የሚከፋፈለው 18,000 ብር ቢሆን፣ ለአንዱ 12,000፣ ለሌላው 6,000 ይደርሳል። ብዙ ያስገባው ትንሽ ሲያገኝ ቅር ይለው ይሆናል፤ ግን ብሩ የሠራው ሦስት ወር ብቻ ነው።

C ብር፣ D ወር፣ H1 የሚከፋፈለው ትርፍ ይሁን፤

```
E2: =C2*D2
F2: =E2/SUM(E$2:E$40)*H$1
```

ሁለቱንም ወደ ታች ጎትት። SUM ውስጥ ያለችውን የዶላር ምልክት ከረሳህ ድምሩ አብሮ ይንሸራተታል፣ የታችኞቹ አባላት ያለአግባብ ብዙ ይደርሳቸዋል። የF ድምር ከH1 ጋር እኩል ካልመጣ ችግሩ እዚያ ነው። በመሃል አክሲዮን የጨመረ ሰው ካለ ለየክፍያው የራሱ መስመር ስጠው። ወሩን ደግሞ በእጅህ ሙላው፤ ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም።