ሱቅ ውስጥ ስካን የምናደርገው የክፍያ ኮድ ላይ ሌባ የራሱን ኮድ ስቲከር ደርቦበት ከሆነ በምን ይታወቃል? ሀዋሳዎች ጠይቁኝ

ሥራዬ ሱቆችን የዲጂታል ክፍያ ማስመዝገብ ነው፣ ዛሬ ትንሽ ክፍት ጊዜ አለኝ ወርውሩ።

ስካን ሳላደርግ በዓይኔ ብቻ መለየት እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ አዎ። ኮዱ፣ የሱቁ ስምና ቁጥሩ አንድ ወረቀት ላይ አብረው ነው የሚታተሙት፣ ስለዚህ ጥፍርሽን በካሬው ጠርዝ ስታስኬጂው የሚይዝሽ ነገር መኖር የለበትም። ላሚኔት ከሆነ ደግሞ ኮዱ ከፕላስቲኩ ሥር ነው መሆን ያለበት፣ ከላይ ከተለጠፈ ጠርጥሪ። ግን አሮጌው ደብዝዞባቸው ራሳቸው አዲስ የሚደርቡም አሉ፣ እነሱን ስንት ጊዜ ተቆጣሁ መሰለሽ።

ምን ጥፍር ያስፈልጋል፣ ስካን ስታደርግ የሚመጣው ስም ከማስታወቂያው ካልገጠመ ሌባ ነው አለቀ

ግማሹን ልክ ነህ፣ ፒን ከማስገባትህ በፊት ስሙን ማንበብ ዋናው ነገር ነው። ችግሩ ንግድ ፈቃዱ በባለቤቱ ስም ወጥቶ ማስታወቂያው ላይ ሌላ ስም የሚጽፍ ሱቅ ሞልቷል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ስካን ሳደርግ የማላውቀው የወንድ ስም መጣ፣ ባለቤቷ ሴት ናት። ፒን ሳላስገባ ወጣሁና ከኮዱ ሥር የታተመውን የነጋዴ ቁጥር አፑ ላይ በእጄ ጻፍኩት፣ የሷ ስም መጣ። ሌባው ካሬውን ብቻ ነበር የሸፈነው ቁጥሩን ትቶታል። ሁለቱም አንድ ስም ቢያመጡ ኖሮ ምንም አልልም ነበር። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ከቀየረው ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም፣ ያኔ ካሸሯን "ማን ብሎ ነው የሚመጣው?" ብሎ መጠየቅ ነው።

እኔ አሞራ ገደል ዓሣ ገዝቼ ስልክ ቁጥር ተሳስቼ ለሌላ ሰው ላኩ ይመለሳል?

የኔ እናት ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሜሴጁ ላይ ያለውን የትራንዛክሽን ቁጥር ይዘሽ ቶሎ ደንበኞች አገልግሎት ደውዪ።

በስልኬ ካሜራ ሳነሳው ዌብሳይት ከፈተብኝ

ዝጋው፣ በተለይ ፒን ወይ የካርድ ቁጥር ጻፍ ካለህ። ሁሌም የክፍያ አፑን ከፍተህ እዛው ውስጥ ስካን አድርግ።

ከከፈልኩ በኋላ ባወቅስ? ባለሱቁ ድገሚ አለኝ

እሱ ጋ የገቢ ሜሴጅ ካልደረሰ ብሩ ሌላ ቦታ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ስቲከሩን ሳትልጡት ፎቶ አንሱት፣ ያንቺ ሜሴጅ ላይ የተቀባዩ ስም አለ፣ እሱን ይዛችሁ አብራችሁ አመልክቱ። ለኔ ጠረጴዛው የሱ ስለሆነ ኪሳራውም የሱ ነው።

አይ ወንድሜ እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ ስሙን ሳያነብ ፒን የሚያስገባ ሰውስ? ቢያንስ ለሁለት እንካፈል

እዚህ ላይ አንስማማም 😄 ግን ማታ ሱቅ ስትዘጋ ኮዱን ወደ ውስጥ አስገባው፣ የሚለጥፉት ማንም በማያይበት ሰዓት ነው።