«መጣሁ» ስንት ጊዜ ይባላል?

ግጥም ለምትሞክሩ ልጆቼ፤

ባሕር ዳር መናኸሪያ በር ላይ የሚኒባስ ረዳት «ጎንደር ጎንደር ጎንደር!» ሲል ሰምታችሁታል። ቀኑን ሙሉ ይለዋል። «ምነው ይኼ ልጅ አልበዛም?» የሚል ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሰሚው ስለሚለዋወጥ ነው። ለእያንዳንዱ አላፊ ያ «ጎንደር» የመጀመሪያው ነው። የእናንተ ሰሚ ግን አላፊ አይደለም። ዘፈኑ ከተጀመረ እስኪያልቅ እዚያው ተቀምጧል። ሰሚው ካልተለወጠ ደግሞ ሌላ የሚለወጥ ነገር ያስፈልጋል። አዝማች ላይ ቃል ስትደጋግሙ የምትረሱት ይቺን ነው። እኔም ብዙ ዘመን ረስቻታለሁ።

ግጥም መሸጥ የጀመርኩት በካሴት ዘመን ነው። ያኔ ዜማ ደራሲው ዜማውን በ«ናናና» አንጎራጉሮ ይቀዳልኛል፤ እኔ ቃል እሞላበታለሁ። «እሞላበታለሁ» ያልኩት አፌን አዳልጦኝ አይደለም። አንድ ማታ፣ ለጠዋት የሚፈለግ ግጥም ላይ፣ አዝማቹ ጋ ስድስት ቀለም ጎደለኝ። ቀለም የምለው አፍ አንድ ጊዜ ሲከፈት የሚወጣውን ድምፅ ነው። እንቅልፌ መጥቷል። «ውዴ ውዴ ውዴ» ብዬ ደፈንኩትና ተኛሁ። ካሴቱ ወጣ። የሰፈሬ ባለሱቅ ሲያጫውተው ሰነበተና አንድ ቀን ስኳር እየመዘነልኝ፣ «ወንድሜ፣ ይኼ ሰውዬ የልጅቷ ስም ጠፍቶበት ነው እንዴ?» አለኝ። ግጥሙ የእኔ መሆኑን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ዴሞ ይዞልኝ መጣ። ጣና ዳር፣ የዘጌ ጀልባዎች ከሚነሡበት አለፍ ብሎ፣ ቡና ከምታፈላ ልጅ ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። ዜማው ጥሩ ነው፤ ትዝታ ቅኝት፣ ሳይቸኩል የሚሄድ። አዝማቹ ሲደርስ ግን እንዲህ ይላል፤ «መጣሁ መጣሁ መጣሁ መጣሁ»። ይኼ አንድ መስመር ነው። አራት መስመር እንደዚሁ። ፊታችን ፈንዲሻ ነበረ። «መጣሁ» ባለ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ጎን አስቀመጥኩ። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዴ ተጨመረ። ስንቆጥር 64 ፈንዲሻ ሆነ።

እንዴት እዚያ እንደደረሰ ይገባኛል። ዜማው በወል ቤት ልክ የተሠራ ነው። አንዱ መስመር 12 ቀለም ነው፤ ስድስት ይልና ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ሌላ ስድስት። «መጣሁ» ሦስት ቀለም አላት፤ መ፣ ጣ፣ ሁ። አራት ጊዜ ስትባል 12። ገጠመ! ልጁን ያሳሳተው ይኼ መግጠሙ ነው። ቃሉ ቦታውን ስለሞላ ሥራውን የሠራ መሰለው።

«እስቲ ሦስተኛውን ስንኝ መጀመሪያ አድርገው፣ የመጀመሪያውን ወደ መጨረሻ ውሰደው» አልኩት። አቀያይሮ አንጎራጎረው። አዝማቹ ምንም አልመሰለውም። ስንኞቹ ስለ ዓይኗና ስለ ጥርሷ ናቸው፤ ውስጣቸው የሄደም የመጣም ሰው የለም። ስንኝ ሲቀያየር አዝማቹ ካልተቆጣ፣ አዝማቹ ከስንኙ ጋር አልተዋወቀም ማለት ነው። ከዚያ «መጣሁ»ን በ«ላላላ» እንዲተካው ነገርኩት። ተካው። ዜማው እንደዚያው አማረ። እንዲያውም «ላላላ»ው ተሻለ፤ ዜማው የሚረዝመው «መ» ላይ ስለነበር «መ—ጣሁ» ሲል ቃሉ ይሰበር ነበር። በዚህ ቃል ውስጥ የምትጠብቀዋ «ጣ» ናት፤ ድምፅ መጎተት ካለበት እሷ ላይ ይጎተት። ልጁ ዝም አለ። ቅር እንዳለው ታየኝ።

ይኼኔ ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰል ልታመጣ ብድግ አለችና «መጣሁ» ብላን ሄደች።

«ሰማሃት?» አልኩት። «እየሄደች ነው። የምትለው ግን መጣሁ ነው።»

ቃሉ ውስጥ ያለው ሀብት ያኔ ነው የታየን። ስንሄድ «መጣሁ» እንላለን፤ ቶሎ እመለሳለሁ ለማለት። ስልክ ላይ ደግሞ «መጣሁ መጣሁ» እንላለን፤ ገና ካልሲ ሳናደርግ። አንድ ጊዜ ሲባል ይታመናል። ሁለቴ ከተደረበ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌላ ሻይ ይታዘዛል። ደጅ ሲንኳኳም ከውስጥ «መጣሁ!» ይባላል። ያው ቃል፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት ቦታ። ልጁ 64 ጊዜ ሲደጋግመው አንዱንም አልነካውም ነበር።

ተቀምጠን ስንኞቹን እንደገና ሠራናቸው። ዜማውን አልነካንም፤ ስድስት ስድስት ቀለሙ እንዳለ ነው። የመጀመሪያው መሄድ ሆነ፤

ጀበናው ሳይወርድ ወጣሁኝ ከቤትሽ
«መጣሁ» ነው ያልኩሽ እንዳይከፋ ፊትሽ

ሁለተኛው ስልኩ፤

በደወልሽ ቁጥር «መንገድ ላይ ነኝ» ብዬ
«መጣሁ መጣሁ» አልኩሽ ዘጌ ውዬ

እዚህ ጋ ሁለተኛው መስመር ያነሰ ይመስላል። ቁጠሩት፤ «መጣሁ መጣሁ» ስድስት ነው፣ «አልኩሽ ዘጌ ውዬ» ግን ስድስት መሙላቱ በአፍ ሲባል ነው እንጂ በዓይን አይታይም። አል፣ ኩሽ፣ ዘ፣ ጌ፣ ው፣ ዬ። ልጁ ወረቀቱን አይቶ አጠረ ብሎ «እኔ» የምትል ቃል ሊሰካበት ነበር። በጣት ቁጠሩ፣ በዓይን አትመኑ። ድፍን ቃል ብዙ ጊዜ የሚገባው እንዲህ የጎደለ ሲመስል ነው። በነገራችን ላይ ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰውዬው የቀረው መንገዱ ርቆት እንዳልሆነ የአገሬው ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው መመለሱ ነው፤

ዓመት አልፎ ማታ በሩን አንኳኳሁ
የወንድ ድምፅ ሰማሁ ከውስጥ ሲል «መጣሁ»

ልጁ ይቺን ሲያነብ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ።

አሁን አዝማቹ ላይ 16 «መጣሁ» አያስፈልግም። ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ በየመስመሩ ራስ አንድ «መጣሁ» ብቻ አደረግን፤ የቀረውን ዘጠኝ ቀለም ማሲንቆው ይሙላው። መስመሩ ሁለት ነው፤ ስለዚህ ሁለት «መጣሁ»። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ተደርቦ ይመጣል፤ «መጣሁ መጣሁ»፣ እንደ ስልኩ። አራት ሆነ። ከሦስተኛው በኋላ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ዝምታ። ስንኞቹ ውስጥ ካሉት አራቱ ጋር ሲደመር 11 ነው። ከ64 ወደ 11። አሁን ስንኞቹን ለማቀያየር እስቲ ሞክሩ፤ ዘፈኑ ይፈርሳል። ሰውየው ሳይሄድ ይመለሳል።

ይኼ ብልሃት የእኔ እንዳይመስላችሁ። አዝማሪ ቤት ከገባችሁ በየማታው ታዩታላችሁ። አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው የመጀመሪያውን መስመር ይለዋል፣ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፣ ያንኑ መስመር ይደግመዋል። ለአዝማሪው መድገሙ ፋታ ነው፤ ሁለተኛውን መስመር ያሰናዳበታል። ለሰሚው ግን ሌላ ነው። ቤት የሚመታውን ቃል እየጠበቀ፣ የሰማውን ደግሞ ይፈታዋል። ቅድም አንድ ላይ የሰማውን ቃል አሁን ለሁለት ከፍሎ ይሰማዋል። ሰሙን በመጀመሪያው ካገኘ ወርቁ በሁለተኛው ይወጣለታል። ያን ጊዜ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ኅብረ ቃል የሌለውን መስመር የደገመ አዝማሪ ግን ፋታ ብቻ ነው ያገኘው፤ ሰዉ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

የልጁ አቀናባሪ ግጥሙን ሲያይ ተቃወመ። «ሕዝቡ ምን ይዘምር? 11 ቃል ለመድረክ አይበቃም» አለ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ሲዞሩ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ «ለምለም» እያሉ ይቀበላሉ። መቶ ጊዜ ቢሉትም ድፍን አይደለም። ቃሉ የአውጪዋ ሳይሆን የተቀባዮቹ ነው፤ እሱ ባይደጋገም ሌሎቹ ምን ይዘው ይገባሉ? በየመሀሉ ደግሞ አውጪዋ አዲስ ነገር ትላለች። የሚደጋገመው ያ አዲስ የሚቀመጥበት መደብ ነው። ለእስክስታና ለሠርግም እንደዚያው፤ እዚያ የ«ላላላ»ው ፈተናዬ አይሠራም፤ ማንንም እንዳትፈትኑበት። የእኛ ልጅ ግን የሚተርክ ዘፈን ነው የያዘው። ተቀባይ የለውም፤ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል። መድረክ ላይ ሁለተኛውን አዝማች ሕዝቡ እንዲለው ከአቀናባሪው ጋር ተስማማን። «መጣሁ መጣሁ» ብሎ መዋሸቱ የሁላችንም ስለሆነ፣ አብሮ ለማለት የሚቸገር የለም።

የቀረን የመጨረሻዋ «መጣሁ» ነበረች። ዘፋኙ ራሱ ሊላት ሞከረ፤ አልሆነም። ያቺ ቃል የእሱ አይደለችም፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ሰውዬ ቃል ናት። ዜማም አትፈልግም። የስቱዲዮውን ዘበኛ ጠራናቸው። ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ወፍራም። ከበሩ ውጭ አቁመን፣ በሩን ገርበብ አድርገን፣ አንኳኳን።

«መጣሁ!» አሉ።

ቀረጻው ጥሩ ነበር፤ ለመጠባበቂያ ግን አንድ ጊዜ እንዲደግሙልን ለመንናቸው። ጭንቅላታቸውን በበሩ አስገብተው አዩንና፣ «አልኳችሁ አይደል እንዴ?» ብለው ወደ በራቸው ሄዱ።