ባክአፑ ሐረር፣ ቁልፉስ የት?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ያለን ቁጠባና ብድር ተቋም ነን። የሰርቨሩ ዲስክ ኢንክሪፕት ነው። የደንበኛ ባክአፑን ውጭ አገር ክላውድ ላይ ብናደርገው ምን ችግር አለው?»

አቦ፣ ውጭ አገሩን ተዉት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል መረጃ እዚሁ አገር ባለ ሰርቨር ወይም ዳታ ሴንተር እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ፋይሉ ተቆልፎ ቢወጣም የደንበኛ መረጃ መሆኑ አይቀርም። ሐረር ቅርንጫፍ ካላችሁ ሁለተኛው ኮፒ እዚያ ይሁን።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «ዲስኩ ኢንክሪፕት ነው» ያላችሁት ነው። የዲስክ ኢንክሪፕሽን የሚያድናችሁ ያልበራ ማሽን ወይም ዲስክ ሲሰረቅ ነው። ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ዲስኩ ክፍት ነው። ከእሱ ላይ የሚገለበጥ ባክአፕም ሳይቆለፍ ነው የሚወጣው። ፖስትግሬስ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ የፋይሉን መጀመሪያ እዩት፦

```
head -c 5 saving.dump
```

`PGDMP` ካለ ፋይሉ እጁ የገባ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ገና ሲወጣ age በሚባለው የመቆለፊያ ፕሮግራም ቆልፉት፦

```
pg_dump -Fc saving | age -r age1... > saving.age
```

ከ `-r` ቀጥሎ የሚገባው የአደባባዩ ቁልፍ ነው። እሱ መቆለፍ እንጂ መክፈት አይችልም። የሚከፍተው የግል ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ በፍጹም አይቀመጥ። አንዱን ቅጂ በፍላሽ አድርጋችሁ ካዝና ውስጥ፣ ሌላውን ከቢሮ ውጭ አንድ ኃላፊ ጋ አኑሩ።

አሁን ወደ መብራቱ። በዚሁ በድሬ ያየሁት አንድ ተቋም፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የዲስኩን የይለፍ ቃል የሚያስገባ ሰው ይፈለግ ነበር። ሌሊት ማን ይምጣ? ሲሰለቻቸው ቁልፉን እዚያው ማሽን ላይ፣ ባልተቆለፈው ክፍል ውስጥ በፋይል አስቀመጡት። በሩን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መተው ማለት ነው። ማሽኑን የሰረቀ ቁልፉንም አብሮ ወሰደ ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች የሚዘረዘሩበትን የእናንተንም `/etc/crypttab` ፋይል ክፈቱና የቁልፍ ፋይል ተጽፎ እንደሆነ እዩ።

መፍትሔው ክሌቪስ እና ታንግ የሚባሉ፣ የተቆለፈ ዲስክን በኔትወርክ በኩል የሚያስከፍቱ ሁለት ፕሮግራሞች ናቸው። ታንግን ሐረር ባለ ትንሽ ማሽን ላይ ጫኑት። የድሬው ሰርቨር ሲነሳ ክሌቪስ ሐረርን ይጠይቃል፣ ከሚመጣው ምላሽ የዲስኩን ቁልፍ መልሶ ያሰላል፣ ዲስኩም ይከፈታል። ታንግ ራሱ ቁልፉን አያውቀውም። ሰርቨሩ ከቢሯችሁ ኔትወርክ ከወጣ ሐረርን ስለማያገኝ ተቆልፎ ይቀራል። ድሬንና ሐረርን የሚያገናኘው ቪፒኤን ግን ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ራውተሩ ላይ ይሁን። አለበለዚያ ዲስኩ ሳይከፈት መስመሩ አይነሳም። መስመር የሚቋረጥበት ቀንም አይጠፋምና የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቆይ።

ከቅርንጫፍ ወደ ዳታቤዙ የሚሄደውን ግንኙነት `sslmode=verify-full` አድርጉት። `require` መስመሩን ይቆልፋል፣ ግን ማን ጋ እንደተገናኛችሁ በደንብ አያረጋግጥም።

ቁልፍ ስትቀይሩ የድሮውን የግል ቁልፍ አትጣሉ። በእሱ የተቆለፈው የመጨረሻ ባክአፕ እስኪወገድ ድረስ ያስፈልጋችኋል። በየጊዜውም ሐረር ያለውን ፋይል ኔትወርክ በሌለው ማሽን ላይ፣ በካዝናው ቁልፍ ከፍታችሁ፣ ዳታቤዙን እስከ መጨረሻው መልሱት።