ቪቴው ሲጠብቅ የካቢኔው ፍሬም ለምን ይንሸራተታል?

ጋሼ፣ ለወጥ ቤት ካቢኔ የፊት ፍሬም በዋንዛ እየሠራሁ ነው። እንጨቱ 20 ሚሊ ውፍረት፣ 5 ሳንቲም ወርድ አለው። በፖኬት ሆል ጂግ በስቼ፣ ኮላ ቀብቼ፣ በእጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ በ5 ሳንቲም የጂብሰም ቪቴ አሰርኩት። ከጀርባ ሳየው ግጥም ያለ ነው። ስገለብጠው ግን አግዳሚው ከቋሚው 1 ሚሊ ያህል ወደ ፊት ወጥቷል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የቪቴው ጫፍ ከፊት ብቅ ብሏል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ወንድሜ፣ ሁለቱም ችግር የመጣው ከአንድ ነገር ነው። ጂጉ የሚበሳው በ15 ዲግሪ አጋድሞ ስለሆነ ቪቴው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከአግዳሚው ጀርባ ይገባና ወደ ፊተኛው ገጽ እያዘነበለ ቋሚው ውስጥ ይዘልቃል። የቪቴው ራስ ቀዳዳው ውስጥ ሲያርፍ አግዳሚውን ይገፋል፣ ጥርሱ ደግሞ ቋሚውን ወደ ራሱ ይስባል። ግፊቱም ስበቱም በዚያው በተጋደመው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ አግዳሚው ወደ ቋሚው ሲጠጋ፣ በዚያው ወደ ፊትም መንሸራተት ይፈልጋል። ያንተ 1 ሚሊ የመጣችው ከዚህ ነው።

ይህን እጅ አይችለውም፤ ሞርሳ ያስፈልገዋል። ድሪሉ መጨረሻ ላይ ሲያጠብቅ ያለው ጉልበት ከማንም ጭብጥ በላይ ነው። እርጥብ ኮላ ደግሞ ማንሸራተቱን ያግዘዋል።

መጀመሪያ ቪቴውን እንይ። ጂጉን ለ20 ሚሊ እንጨት በትክክል ካስተካከልከው፣ ቪቴው ከአግዳሚው ጫፍ የሚወጣው ከውፍረቱ መሃል አካባቢ ነው። አግዳሚው ውስጥ የሚቀረው 16 ሚሊ ያህል ነው እንበል። 50 ሚሊ ቪቴ ከሆነ 34ቱ ቋሚው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በ15 ዲግሪ ሲሄድ፣ በገባ በ4 ሚሊው 1 ሚሊ ያህል ወደ ፊት ይጠጋል። 34ን ለ4 ስታካፍለው ከ8 ሚሊ በላይ ይመጣል። ከመሃል እስከ ፊቱ ያለህ ደግሞ 10 ሚሊ ብቻ ነው። ቀሪዋ አንድ ሚሊ ምናምን ናት። ፑንታው ትንሽ ከጠለቀ፣ ወይም ቪቴው ጭረቱን ተከትሎ ትንሽ ካጋደለ፣ በቃ ወጣ።

ለ19 እና ለ20 ሚሊ እንጨት ትክክለኛው ቪቴ 32 ሚሊ ነው። ግማሹ አግዳሚው ውስጥ፣ ግማሹ ቋሚው ውስጥ ይሆናል። ለ12 ሚሊ እንጨት 25 ሚሊ፣ ለ38 ሚሊ ደግሞ 64 ሚሊ ይሄዳል። 32 ካጣህ 30 ውሰድ እንጂ ወደ 40 አትዝለል። ረዘም ያለ ቪቴ ይበልጥ ያጠብቃል የሚለው ነገር እዚህ ቦታ አይሠራም።

ከርዝመቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን የጂብሰም ቪቴው ነው። የዚያ ቪቴ ራስ ከሥሩ ሾጣጣ ነው። የፖኬት ሆል ወለል ግን ጠፍጣፋ ነው። ሾጣጣው ራስ ጠፍጣፋው ላይ ሲጫን እንደ ሽብልቅ ይገባል። ወይ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ወይ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በዚያ ላይ ብረቱ ተሰባሪ ስለሆነ ሲጠብቅ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። አንተ የምትፈልገው ከራሱ ሥር እንደ ዋሸር ጠፍጣፋ የሆነውን ነው። ጥርሱ እንደ እንጨቱ ነው። ለኮምፔንሳቶ፣ ለኤምዲኤፍና ለለስላሳ እንጨት ሻካራ ጥርስ፤ ለጠንካራ እንጨት ደቃቅ ጥርስ። ዋንዛ ሲሠራ ለስላሳ ስለሆነ በሻካራው ጀምር። ግን በመጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክረው።

አሁን ወደ ሞርሳው። ቁም ነገሩ የት ትይዛለህ ነው። ብዙ ሰው ፍሬሙን ዳርና ዳር በረጅም ሞርሳ ይጨምቅና ተይዟል ይላል። ያ ክፍተቱን ይዘጋል እንጂ ወደ ፊት መንሸራተቱን አያቆምም። መያዝ ያለበት መጋጠሚያው ራሱ ነው፤ ከፊትና ከጀርባ።

የጠረጴዛህን ጠርዝ በቀጥ ያለ ነገር አረጋግጥ። ጎድጓዳ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ፍሬሙን በፊቱ ደፍተህ መጋጠሚያውን ጠርዙ ላይ አምጣ። ኮላውን በስሱ ቀባና አንድ ሁለት ደቂቃ ተወው፤ የአግዳሚው ጫፍ ይመጠው። ከዚያ አጋጥምና ጠፍጣፋ ቁራጭ እንጨት መጋጠሚያው ላይ አስቀምጥ፤ ግማሹ ቋሚው ላይ፣ ግማሹ አግዳሚው ላይ ይረፍ። ኮላ እንዳይዘው ከሥሩ ፌስታል አድርግ። በላዩ ላይ ሞርሳውን አጥብቅ። የቀዳዳው አፍ ከጫፉ ራቅ ብሎ ስለሚጀምር ሞርሳው ድሪሉን አይከለክለውም። ሰፊ ጠፍጣፋ መንጋጋ ያለው፣ እንደ ግሪፕ ፕላስ የሚቆለፍ ሞርሳ ካለህ ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። ሰፊው መንጋጋ በፊት በኩል ይሁን።

ቪቴ ከማስገባትህ በፊት ከሥር በጥፍርህ መጋጠሚያውን አቋርጠህ ሂድ። ጥፍርህ ከተሰናከለ ሞርሳውን ላላ አድርገህ አስተካክል። ዓይን የማያየውን ጥፍር ያገኘዋል።

ከዚያ በቀስታ እሰር። ኢምፓክት ድሪሉን ተወው። ድሪሉ አንገት ላይ ያለውን ባለ ቁጥር ቀለበት ዝቅ አድርግና ራሱ ሲያርፍ አቁም። ከዚያ በላይ ብትገፋው ጥርሱ የበላውን እንጨት ያፈርሰዋል፤ ቪቴው ዝም ብሎ መዞር ከጀመረ ያ ሆኗል ማለት ነው። በየመጋጠሚያው ሁለት ቪቴ ይበቃል። ሁለተኛው እስኪገባ ሞርሳውን አትንካው።

አንድ ነገር ላረጋግጥ፦ ቀዳዳውን የበሳኸው አግዳሚው ላይ ነው፤ ጥሩ ነው። ቋሚው ላይ ብትበሳ ቪቴው የሚገባው በአግዳሚው ጫፍ በጭረቱ አቅጣጫ ስለሚሆን አይዝም።

ፍሬሙን ከሳጥኑ ጋር ስታስርም ያው ሕግ ነው። በጎን ፓነሉ ላይ፣ በማይታየው በውጪ በኩል፣ በየ15 እስከ 20 ሳንቲም ብሳ። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ያው 32 ሚሊ ሻካራ ጥርስ ነው። እዚህ የሚንሸራተተው ፓነሉ ነው። ስለዚህ ከውስጥ በኩል፣ ፓነሉና ፍሬሙ የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ቀጥ ያለ ቁራጭ ከፍሬሙ ጋር በሞርሳ እሰር። ፓነሉ የሚደገፈው እሱ ላይ ነው።

የተበላሸውን ደግሞ ዝም ብለህ ፈትተህ መልሰህ አትሰር። አዲሱ ቪቴ ቋሚው ውስጥ ያለውን አሮጌ ቀዳዳ ይከተልና ወደዚያው 1 ሚሊ ይመልሰዋል። ኮላው ከደረቀ ደግሞ መፍታቱ ራሱ እንጨቱን ሊገነጥለው ይችላል፤ በግድ አትለያየው። ከተለያየልህ የደረቀውን ኮላ ፋቅ። በቋሚው ቀዳዳ ውስጥ ኮላ የነካ የእንጨት ስንጣሪ ጠቅጥቀህ ሙላ፤ አድሮ በደንብ ሲደርቅ ከጎኑ እኩል ቁረጠው። ከዚያ በሞርሳ ይዘህ በ32 ሚሊው እሰር። ቪቴው የወጣበትን ቦታ በዋንዛ ዱቄትና በኮላ ድፈነው። ቀለም የሚቀባ ከሆነ አይታወቅም፤ ቫርኒሽ ከሆነ ግን ነጥቡ ይታያል፣ ያንን ቋሚ ብትቀይር ይሻላል። አግዳሚው ወደ ፊት የወጣው ከግማሽ ሚሊ በታች የሆነበትን መጋጠሚያ ግን አትፍታው፤ ስለት ባለው መላጊያ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው።