ታይኛ የምትተረጉሙ ልጆች፣ መጀመሪያ እርሳስ ያዙ

ታይኛ በቃልና በቃል መሀል ክፍተት ስለማይተው፣ ስትጀምሩ ሁሉም የሚያስፈራራችሁ ቃል ከቃል መለየቱ ነው። «ታክሎም» ተብሎ የተገጠመው ታ ክሎም ከሆነ ክብ ዓይን፣ ታክ ሎም ከሆነ ነፋስ መቀበል ነው ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ግን እሱን ዙሪያው ያለው ሀሳብ ይለይላችኋል፣ ጥቂት ዓመት ካነበባችሁ ደግሞ ዓይናችሁ ራሱ ይቆርጠዋል። እኔን ስንት ዘመን ያንገላታኝ ዓረፍተ ነገሩ የት ጋ አለቀ የሚለው ነው። እኛ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ብንተካውም አራት ነጥባችን አለች፣ እነሱ ጋ እሷም የለችም። ክፍተት የሚተዉት ሀሳብ ሲያልቅ ነው፣ ግን ደግሞ በቁጥር ግራና ቀኝ፣ በስምና በአባት ስም መሀል፣ ሲዘረዝሩም ይተዋሉ፣ ስለዚህ ክፍተት አየሁ ብላችሁ አለቀ ማለት አይቻልም።

አንዴ የሩዝ ምርምር ስተረጉም አንድ ፓራግራፍ ገጹን ሞልቶታል፣ መሀሉ ላይ ገበሬዎቹ ማዳበሪያ ጨመሩ ይልና ክፍተት፣ «ናይ ርዱ ፎን» ማለትም በዝናብ ወቅት፣ ደግሞ ክፍተት፣ ከዛ ምርቱ ቀነሰ ይላል። ዝናቡ የማን ነው? ታይኛ ጊዜን ከፊትም ከኋላም ያስቀምጣል። እኔ ማዳበሪያው በዝናብ ወቅት ተጨመረ ብዬ ሄድኩ፣ ሁለት ገጽ አልፌ ሠንጠረዡን ሳይ ማዳበሪያው የገባው ቀድሞ ነው፣ በዝናብ ወቅት የቀነሰው ምርቱ ነው። የትርጉም ሶፍትዌሩም አያግዝም፣ ነጥብ እያየ ስለሚቆርጥ ገጹን በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ያቀርብላችኋል።

ከዛ ወዲህ ፕሪንት አድርጌ መተርጎም ከመጀመሬ በፊት ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቅበትን በእርሳስ እቆርጣለሁ። «ዳንግ ናን» (ስለዚህ)፣ «ኖክ ቻክ ኒ» (ከዚህ ሌላ) ካየሁ ብዙ ጊዜ አዲስ ሀሳብ ነው፣ ባለቤቱ ሲቀየርም እጠረጥራለሁ፣ ሁለቱም የሚያስኬድ ከሆነ ሠንጠረዡን አያለሁ፣ ካልሆነ ጸሐፊውን እጠይቃለሁ (ጠይቆ የተዋረደ የለም)።

የታይኛ ጽሑፍ ስታርሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መስመሩ ክፍተቱ ላይ ከታጠፈ ክፍተቱ አይታይም፣ ስለዚህ የመስመር መጨረሻዎቹን ፋይሉ ላይ ገብታችሁ እዩ። ሪፕሌስ ኦል የሚባለውን ነገር ደግሞ እንዳትነኩት። «ና» የሩዝ ማሳ ነው፣ በሌላ ቃል ቀይርልኝ ተባልኩና በአንዴ ቀየርኩት፣ ለካ ልማት የሚለው «ፓታና» መጨረሻው ያው ና ነው፣ ደቂቃ የሚለው «ናቲ» መጀመሪያው ና ነው፣ የቃል ድንበር ስለሌለ ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል፣ ሁሉንም አረሰው። የፊደል አራሚው ቀይ አስምሮ ነበር እኮ፣ ግን እሱም ቃሉን በራሱ ግምት ቆርጦ ስለሚያይ የማያውቀውን የሳይንስ ቃል ሁሉ ያቀላዋል፣ እኔም ቀዩን ማየት ትቼ ነበር። ስህተቱን ያገኘው መምህሬ ነው፣ ርዕሱ ላይ።