የሌሊት ፈረቃ ላይ ማን ይጠራ?

«አባቴን ነርሲንግ ሆም ላስገባ ቅጽ እየሞላሁ ነው። ‹የሃይማኖት አባት ስምና ስልክ› ይላል። ቄስ፣ ፓስተር፣ ኢማም፣ ራባይ፣ ሁሉም ሥራቸው ያው አይደለም እንዴ? ማንም ቢመጣ ምን ለውጥ አለው?»

እህቴ፣ እኔ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሌሊት ሌሊት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ሰው ሊያርፍ ሲል ስልክ የምንደውለው እኛ ነን። ለውጥስ አለው።

አንዲት ኦርቶዶክስ እናታችን በጣም ደከሙ። ቅጻቸው ላይ «ክርስቲያን» ብቻ ስለተጻፈ ፓስተር ተጠራ። ደግ ሰው ነው፣ እጃቸውን ይዞ ጸለየላቸው። እሳቸው ግን «የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» ማለታቸውን አልተውም። የቄሱን ስልክ አፈላልጎ ያገኘልን ፓስተሩ ራሱ ነው።

ቄሱ ሲነጋ መጡና ሁላችንንም አስወጡን። ኑዛዜ ነው፣ ሦስተኛ ጆሮ አይገባም። ነርሷ መድኃኒት ልስጥ ብላ ሁለቴ መጣች፤ ሁለቴም ከበሩ መለስኳት። ኑዛዜ ሰምቶ «እግዚአብሔር ይፍታ» የሚለው ቅስና ያለው ነው። ዲያቆን እንኳ አይችልም። ቀጥሎ ጠበል ሊያጠጧቸው ሲሉ እኔ ደነገጥኩ። እናታችን ውሃ ትን ይላቸዋል፤ የሚጠጡት ሁሉ በዱቄት ወፈር ተደርጎ ነው። ለቄሱ ሹክ አልኳቸው፣ ረጭተውላቸው ግንባራቸውን አበሱላቸው። ቁርባንን በተመለከተ፣ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት አገልጋዮች ስለሚፈልግ በእኩለ ሌሊት ተደውሎ የሚደረስበት ነገር አይደለም። የሚያስብ ሰው ሳይደክም በፊት ያስብበት። ካረፉ በኋላም የቄሱ ሥራ አያልቅም። ፍትሐቱ አለ፣ አርባው አለ።

ፓስተር ዘንድ ለሞተ ሰው ፍትሐት የለም። ሰውየው እስትንፋሱ እስካለ ይጸለይለታል፣ ይዘመርለታል። ካለፈ በኋላ ፓስተሩ ፊቱን ወደ ቤተሰቡ ያዞራል፤ ቃል ያካፍላል፣ ያጽናናል፣ ቀብሩ ላይ ይሰብካል። እሱ ካልተመቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ይመጣል፣ ማንም ቅር አይለውም። አንድ ቤት ውስጥ ግን ኦርቶዶክስ የሆነች እህት «ፍትሐት ሳይደረግለት?» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

የኢማሙ ነገር ያስገረመኝ አንድ የወሎ አባት ሲያጣጥሩ ነው። ልጃቸው ኢማሙ ጋ ደወለ። ኢማሙ «እኔን አትጠብቅ፣ አንተው በጆሯቸው ላ ኢላሀ ኢለላህ በላቸው» አለው። ልጁ አባቱን በቀኝ ጎናቸው ወደ ቂብላ፣ ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞራቸው። እኔ ምሥራቅ መስሎኝ አልጋውን ስገፋ፣ ስልኩን አውጥቶ ሰሜን ምሥራቅ አሳየኝ። ኢማም እንደ ቄስ ክህነት የተቀበለ ካህን አይደለም። ሶላቱን የሚመራ፣ የሚያስተምር፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ ነው። ማጠቡንና ከፈን ማልበሱን ቤተሰብና ጀመዓው ይሠራዋል፤ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያጥባል፣ ባልና ሚስት ግን ይተጣጠባሉ። የጀናዛ ሶላትም አጭር ነው፤ ቆመው አራት ጊዜ አላሁ አክበር ይላሉ፣ ሩኩዕም ሱጁድም፣ ማጎንበሱም በግንባር መደፋቱም፣ የለውም። ቀብሩ ስለሚቸኩል ከእኛ የሚፈለገው የሞት ወረቀቱን ቶሎ መጨረስ ነው።

ራባይ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲያርፉ እንደ ልማዴ ውሃና ፎጣ ይዤ ገባሁ። ልጃቸው «ተዪ፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። የሚያጥቡት ሄቭራ ካዲሻ የሚባሉ የማኅበረሰቡ ሰዎች ናቸው፤ የእኛን እድር ያስታውሱኛል። እስኪመጡ ድረስ አስከሬኑ ብቻውን አይተውም፣ እሷ አጠገቡ ተቀመጠች። ራባዩ የተፈለገው ከዚያ በፊት ነው። በአፍንጫ የሚገባው የምግብ ቱቦ ጉዳይ አስጨንቋት ደውላለት ነበር። እሱም ሐኪሙን በስልክ ጠየቀ፣ አጣራ፣ ከዚያ ሕጉ የሚለውን ነገራት። የራባይ ዋና ሥራው ይሄ ነው፤ ሕግ የተማረ ሰው ነው። ካዲሽ የሚባለውን ጸሎት እንኳ የሚለው ሐዘንተኛው ነው፣ አሥር ሰው ይሟላለት እንጂ። በነገራችን ላይ ቤተ እስራኤሎች ከአገር ቤት ጀምሮ ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡላቸው የራሳቸው ቄሶች አሏቸው። እስራኤል ሲገቡ ግን ጋብቻቸው በራባዮቹ በኩል ሆነ።

አባትሽ ኦርቶዶክስ ከሆኑ የደብሩን ስም ብቻ እንዳትጽፊ፤ የንስሐ አባታቸውን ስምና ሌሊት የሚያነሱትን ስልክ ጻፊ። ሙስሊም ከሆኑ ከኢማሙ በፊት ቅርብ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ይቅደም። ፕሮቴስታንት ከሆኑ ከፓስተሩ ሌላ አንድ ሽማግሌ ጨምሪ። ቅጹ ላይ ቦታው ጠባብ ነው፣ በጀርባው ጻፊበት። እናነበዋለን።