ስንት ዘይት ልግዛ? ሳምቡሳውስ ስንቱን ይዞት ይሄዳል?

ቤቴ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ እየጠበስኩ ለሻይ ቤቶች ሳስረክብ ዓመታት ሆኖኛል። ሚዛን እንድገዛ ያስገደደኝ የዘይት ወጪ ነው። ስለ ዘይት ልክ የገባችሁ ጥያቄ ካለ ዛሬ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ።

«እትዬ፣ ለክርስትና 200 ሳምቡሳ ልጠብስ ነው። ባለፈው ለ60 ሁለት ሊትር ስለጨረስኩ አሁን ሰባት ሊትር ልግዛ?»

ሦስት ሊትር ይበቃሻል የኔ እህት። ባለፈው ሁለት ሊትር አልጨረስሽም፤ ሁለት ሊትር ድስት ውስጥ ገለበጥሽ እንጂ። መጀመሪያ የምትጨምሪውን የሚወስነው ድስቱ ነው። የሚጎድለውን የሚወስነው ሳምቡሳው ነው። ሁለቱን ለየብቻ አስቢያቸው።

የኔን ድስት ልንገርሽ። የአፉ ስፋት ከዳር እዳር 22 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግማሹ 11። 11 በ11 ሲባዛ 121፣ እሱ በ3.14 ሲባዛ 380 ገደማ። ይህ ማለት ለእያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 380 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ሳምቡሳ ተንሳፎ እንዲጠበስ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ስለዚህ 1,900 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ሊትር በይው።

አሁን ወደሚጎድለው። አንድ ቀን 60 የምስር ሳምቡሳ ከመጥበሴ በፊት ድስቱን ከነዘይቱ መዘንኩት፤ 3 ኪሎ ከ400 ግራም። ጠብሼ ስጨርስ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ትቼ እንደገና መዘንኩት፤ 3 ኪሎ ከ160። 240 ግራም ሄዷል። ያራገፍኩበትን ሶፍትም በፊትና በኋላ መዝኜው ነበር፣ 30 ግራም ጠጥቷል። የቀረው 210 ለ60 ሲካፈል ለአንዱ ሦስት ግራም ተኩል ነው። ምድጃው ላይ የተፈናጠቀውም እዚሁ ውስጥ ስለተቆጠረ እውነተኛው ትንሽ ያንሳል።

ለግዢ ግን ሶፍት የጠጣውም ገንዘብሽ ነው፣ ስለዚህ ለአንዱ 4 ግራም ያዢ። ለ200 ሳምቡሳ 800 ግራም። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው፣ 800 ግራሙ ወደ 870 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በሁለቱ ሊትር ላይ ደምሪው። ጥልቀቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ እየጨመርሽ፣ አዲሱ እስኪግል እየጠበቅሽ ጥበሺ።

ሳምቡሳሽ ከኔ ቢተልቅ ወይ ቂጣው ቢወፍር ቁጥሩ ይለወጣል። መጀመሪያ 20 ጠብሰሽ መዝኚ።

«ዘይት ለመቆጠብ ሰፊ መጥበሻ ላይ በስሱ ብጠብስስ?»

ሰፊ ዕቃ ሆዱ ትልቅ ነው። በ18 ሴንቲ ሜትር ድስት 5 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ አንድ ሊትር ከሩብ ይበቃል። ቅጣቱ በአንድ ጊዜ አራት ወይም አምስት ብቻ መጣሉ ነው። ደግሞ ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙላው። ዘይት ሲግል ራሱ ያብጣል፣ ሁለት ሊትሩ ወደ 2.2 ይጠጋል፤ እርጥብ ነገር ሲገባበት የሚነሳው አረፋ ደግሞ አለ። እኔ አንዴ ሞልቼ እሳቱ ላይ ፈሶብኛል፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ ጥቁር ነው።

«እኔ ድንች መዝኜ አይቻለሁ። አንድ ኪሎ ጥሬው ሲጠበስ 560 ግራም ሆነ። ክብደቱ ከቀነሰ ዘይት አልመጠጠም ማለት አይደል?»

መመዘንህ ጥሩ ነው ወንድሜ፣ የመዘንከው ግን የተሳሳተውን ወገን ነው። ድንቹ ውሃውን በእንፋሎት እያጣ ዘይት ይቀበላል። ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ ውሃ ስለወጣ የገባው ዘይት ተሸፈነብህ። ዘይቱን መዝን። እኔ ያንኑ ያህል ድንች ስጠብስ ከድስቱ 70 ግራም ጎደለ። 560 ግራም ጥብስ ውስጥ 70 ግራም፣ ከመቶው 12 ተኩል መሆኑ ነው። ወፍራም ድንች ከዚህ ያነሰ ሊይዝ ይችላል። እንደ ወረቀት የሳሳው የፓኬት ቺፕስ ግን ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ዘይት ነው። የሚጠጣው የላይ ገጹ ነው፤ ስታሳሳው ገጹን ታበዛዋለህ።

«ሐኪም ስብ ቀንሺ ብሎኛል። ሁለት ሳምቡሳ ብበላ ስንት ካሎሪ ነው?»

የጥብሱ ዘይት ብቻ ሰባት ግራም፣ በግራም 9 ካሎሪ፣ 63 ይመጣል። ቂጣውና ምስሩ ሲቁላላ የገባበት ዘይት ከዚህ ውጭ ነው። እኔ ምስሩን በብዙ ዘይት ነው የማቁላላው፣ እና የኔ ሳምቡሳ ላንቺ አይሆንም።

«ዘይቱ በጣም ከጋለ ምንም አይመጥጥም ይላሉ። እኔ እስኪጨስ ነው የምጠብቀው።»

ግማሹ ልክ ነው። ያልጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ሊጥ ቶሎ አይጠነክርም፣ ብዙ ይቆያል፣ ይጠጣል። ሲጨስ ግን ዘይቱ እየተቃጠለ ነው፤ ቂጣው ይጠቁርና ውስጡ ቀዝቃዛ ይቀራል። ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። መለኪያ ከሌለ ቁራጭ ሊጥ ጣል። ታች ሄዶ ከተቀመጠ ገና ነው። ወዲያው እየፈላ ወደ ላይ ከወጣ ሳምቡሳውን ጨምር።

አብዛኛው ዘይት የሚገባው ደግሞ ከወጣ በኋላ ነው። እየተጠበሰ ሳለ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ዘይቱን ይመልሰዋል እንጂ አያስገባውም። ሲወጣና ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ይሰበሰባል፣ ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ለዚህ ነው በጭልፋ አውጥቼ እዚያው ድስቱ ላይ የማራግፈው፤ ከዚያ ወንፊት ላይ በጎኑ አቆመዋለሁ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ከከመርከው የላይኛው የታችኛውን ያጠጣዋል።

«ሪያድ ነው የምሠራው። በረመዳን ከፍሪዘር እያወጣሁ ነው የምጠብሰው፣ ዘይት ይዞ ይወጣል።»

በረዶው ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል። ሳታቀልጪው፣ ላዩ ላይ ያለውን በረዶ ብቻ አራግፈሽ፣ በዙር ከለመድሽው ግማሹን ጣይ። አረፋው ሲገባ ብድግ ብሎ ወዲያው ጭጭ ካለ አብዝተሻል።

«የኔ ችግር ሳምቡሳ አይደለም። ቦምቦሊኖዬ ሲቆረስ ዘይት ያንጠባጥባል። ሊጡ ላይ ጨው ልጨምር?»

ጨው አያድነውም። ቦምቦሊኖ ሁሌም ከሳምቡሳ ይበልጣል፤ የኔ ከመቶው ወደ 18 ይይዛል። ያንጠባጠበ ግን ወይ ከመጠን በላይ ኩፍ ብሏል፣ ወይ ዘይቱ አልጋለም። በጣት ስትነኪው ጎድጉዶ የሚቀር ሊጥ አልፎበታል።

አንዲት ጎረቤቴ ሊጡ ውስጥ አንድ ማንኪያ አረቄ ጠብ ታደርጋለች፤ ዘይት አይነካውም ትላለች። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። አንዴ የቀነሰ መሰለኝ፣ አንዴ ምንም ለውጥ አላየሁም። እሷ አሁንም ሊጥሽ ነው ጥፋተኛው ትለኛለች።

«የተረፈውን ዘይት ስንት ጊዜ ልጠቀም?»

ቁጥር አልሰጥህም፣ ዘይቱን እይ። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልለህ ከብርሃን ውጭ አስቀምጠው። አረፋው ሳምቡሳው ከወጣ በኋላም አልጠፋ ካለ፣ ከድሮው ቀድሞ ከጨሰ፣ ሲፈስ እንደ ሽሮፕ ከተጓተተ ጣለው። ያረጀ ዘይት ምግቡ ላይ ይለጠፋል፣ ብዙም ይገባል፤ ቆጠብኩ ስትል ለአንዱ አራት ግራም የነበረው ይጨምርብሃል። ሥጋ የተጠበሰበትን ደግሞ ለብቻው ያዘው፣ ለጾም ሳምቡሳ እንዳይቀላቀልብህ።